7,200 ብሩ የማን ነው? የንጥጥር ጥያቄዎችን ሳስተምር ያረምሁት ስሕተት

ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ባስተማርሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የንጥጥርና የወደርን ምዕራፍ የምጀምረው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነበር። የንጥጥሩን ቁጥሮች ደምሩ፣ የተሰጠውን ገንዘብ ለድምሩ አካፍሉ፣ የተገኘውን በእያንዳንዱ ቁጥር አባዙ እላቸው ነበር። ተማሪዎቼ ሦስቱን እርምጃዎች በቃላቸው ይዘው በፈተና ላይ ጥሩ ነጥብ ያመጡ ስለ ነበር ትምህርቱ የገባቸው መስሎኝ ቆየሁ። አንድ ዓመት ግን ለፈተና የቆየውን ጥያቄ ሳዘጋጅ አንዲት ሐረግ ብቻ ቀየርሁ፤ ከክፍሉ ከግማሽ የሚበልጡት ልጆች ተሳሳቱ። ጥፋቱ የእነርሱ ሳይሆን የማስተማሪያ መንገዴ እንደ ነበር የተረዳሁት ወረቀቶቹን ሳርም ነው። ልጃቸውን በቤት የሚያስጠኑ ወላጆችም ሆኑ ተማሪዎች ራሳቸው ይኸው ጉዳይ ስለሚገጥማቸው፣ ከዚያ ወዲህ የምከተለውን መንገድ ከነምሳሌዎቹ እጽፋለሁ።

ጥያቄው የሚከተለው ነበር። ሦስት ሰዎች ዳቦ ቤት ለመክፈት አንደኛው 30,000፣ ሁለተኛው 45,000፣ ሦስተኛው 75,000 ብር አዋጡ፤ ትርፉንም ባዋጡት ገንዘብ ንጥጥር ለመከፋፈል ተስማሙ። በክፍል ውስጥ ስንለማመድ የቆየነው «ጠቅላላው ትርፍ 7,200 ብር ቢሆን ለእያንዳንዳቸው ስንት ይደርሳቸዋል?» የሚለውን ነበር። በፈተናው ላይ ያስገባሁት ግን «ለሁለተኛው ሰው 7,200 ብር ቢደርሰው ጠቅላላው ትርፍ ስንት ነው?» የሚል ነበር።

ሦስቱንም መዋጮዎች ለ15,000 ስናካፍላቸው 2፣ 3 እና 5 ይሆናሉ፤ ስለዚህ ንጥጥሩ 2:3:5 ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ተማሪ በትክክል ደርሶ ነበር። ከዚህ በኋላ ግን አብዛኞቹ 2፣ 3 እና 5ን ደምረው 10 አገኙ፣ 7,200ን ለ10 አካፍለው 720 አሉ፣ ከዚያም 1,440፣ 2,160 እና 3,600 ብለው ጻፉ። ስሌቱ ውስጥ አንድም የማካፈል ወይም የማባዛት ስሕተት አልነበረም። ነገር ግን ጥያቄው ለሁለተኛው ሰው 7,200 ብር እንደ ደረሰው በግልጽ እየተናገረ፣ የእነርሱ ወረቀት 2,160 ብቻ ሰጥቶታል።

ከተሳሳቱት አንዱን ተማሪ ጠርቼ «ለሁለተኛው ሰው ስንት ደረሰው?» ብዬ ጠየቅሁት። «2,160» አለኝ። «ጥያቄው ስንት ደረሰው ይላል?» ስለው ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበና ዝም አለ። በመጨረሻ «ቲቸር፣ እርስዎ የተሰጠውን ለድምሩ አካፍሉ ብለውናል እኮ» አለኝ። እውነቱን ነበር። የተሰጠው ቁጥር ሁልጊዜ የጠቅላላው ነው ብዬ በቃል አልተናገርሁም፤ ነገር ግን ያሠራኋቸው ጥያቄዎች በሙሉ እንደዚያ ስለ ነበሩ ሌላ ነገር ሊያስቡ የሚችሉበት ምክንያት አልነበራቸውም።

ከዚያ በኋላ ስሌት ከመጀመራችን በፊት ሳጥን መሣል ጀመርን። ለመጀመሪያው ሰው ሁለት ሳጥን፣ ከሥሩ ለሁለተኛው ሦስት፣ ከሥሩ ለሦስተኛው አምስት ሳጥን በመስመር እንሥላለን። ሳጥኖቹ ሁሉ እኩል ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው ገንዘብ ግን ገና አልታወቀም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ በጥያቄው የተሰጠው ቁጥር ስንት ሳጥን ይሞላል? ጠቅላላው ትርፍ 7,200 ከሆነ አሥሩንም ሳጥኖች ስለሚሞላ አንዱ ሳጥን 720 ብር ነው። የሁለተኛው ሰው ድርሻ 7,200 ከሆነ ግን የሚሞላው ሦስት ሳጥን ብቻ ስለሆነ አንዱ ሳጥን 2,400 ብር፣ አሥሩ ሳጥኖች ደግሞ 24,000 ብር ይሆናሉ። ድርሻዎቹም 4,800፣ 7,200 እና 12,000 ናቸው።

የሳጥኑ ጥቅም ይበልጥ የሚታየው ቁጥሩ የልዩነት ሲሆን ነው። «ሁለተኛው ሰው ከመጀመሪያው 7,200 ብር በልጦ ደረሰው» ቢባል ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚበልጠው በአንድ ሳጥን ብቻ ስለሆነ ያ አንድ ሳጥን 7,200 ብር፣ ጠቅላላው ትርፍም 72,000 ብር ይሆናል። «ሦስተኛው ከመጀመሪያው 7,200 ብር በልጦ ደረሰው» ቢባል ደግሞ ልዩነታቸው ሦስት ሳጥን ስለሆነ እንደገና ወደ 24,000 እንመለሳለን። እንግዲህ አንዱ ቁጥር በአንድ ንጥጥር ላይ ሆኖ፣ የማን እንደሆነ ብቻ በመለዋወጡ 7,200፣ 24,000 ወይም 72,000 ብር ጠቅላላ ትርፍ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ አሁን ተማሪዎቼ እርሳሳቸውን ለስሌት ከማንሣታቸው በፊት ከተሰጠው ቁጥር አጠገብ «የጠቅላላው»፣ «የእገሌ» ወይም «የልዩነት» ብለው እንዲጽፉ አደርጋለሁ። ይህን አንድ ቃል መጻፍ ከሁሉም እርምጃዎች የሚበልጥ ዋጋ እንዳለው በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ ንጥጥርን ከክፍልፋይ ጋር ማምታታት ነው። በዚህ ረገድ የራሳችን ቋንቋ ጥሩ መሣሪያ ይሰጠናል። «አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ» ስንል የምናነጻጽረው አንዱን ክፍል ከሌላው ክፍል ጋር ነው። «ሲሶ» ወይም «ሩብ» ስንል ግን አንዱን ክፍል የምናነጻጽረው ከጠቅላላው ጋር ነው። ጠጅ በብዙ ቤት አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ተበርዞ ስለሚጣል ይህን ምሳሌ በየዓመቱ አነሣዋለሁ። በዚህ ንጥጥር የተበረዘው ውስጥ ማሩ ስንተኛ ክፍል ነው ብዬ ስጠይቅ ከፍ ብሎ የሚሰማው መልስ ሁልጊዜ «ሲሶ» የሚል ነው። ማሩ የውሃው ሲሶ መሆኑ እውነት ነው፤ የጠቅላላው ግን ሩብ ነው፣ ምክንያቱም አንድ እጅና ሦስት እጅ ተደምረው አራት እጅ ይሆናሉ።

በቁጥር ሲታይ ልዩነቱ ይጎላል። ማርና ውሃው በአንድነት 20 ሊትር እንዲሆን ከተፈለገ አራቱ እጅ 20 ሊትር ስለሆነ አንዱ እጅ 5 ሊትር ነው፤ ማሩ 5፣ ውሃው 15 ሊትር ይሆናል። ሲሶ ብሎ የጀመረው ተማሪ ግን 20ን ለ3 አካፍሎ ማሩን 6.67፣ ቀሪውን ውሃ 13.33 ሊትር ያደርገዋል። ሁለቱን ሲደምራቸው 20 ስለሚመጣለት ልክ የሆነ ይመስለዋል። ውሃውን ለማሩ ቢያካፍለው ግን የሚያገኘው 2 ነው፤ እርሱ የሠራው አንድ እጅ ማር በሁለት እጅ ውሃ ማለት ነው።

እዚህ ላይ በመጽሐፍ ውስጥ ብዙ የማይነሣ ነገር ግን በገበያ የሚያጋጥም አንድ ጉዳይ መጨመር እፈልጋለሁ። «እጅ» የሚለው ቃል ትርጉም የሚኖረው ሁለቱም ነገሮች በአንድ መስፈሪያ ሲለኩ ነው። ማር የሚሸጠው በኪሎ፣ ውሃ የሚለካው በሊትር ነው፤ አንድ ሊትር ማር ደግሞ ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 5 ሊትር ማር የሚያስፈልገው ሰው ወደ 7 ኪሎ መግዛት አለበት። 5 ኪሎ ገዝቶ በ15 ሊትር ውሃ ቢበርዘው ማሩ በሊትር 3.6 ያህል ብቻ ስለሆነ ንጥጥሩ ከአንድ ለአራት ያልፋል፤ ጠጁም ካሰበው ይልቅ የቀጠነ ይሆንበታል። በፈተና ላይ የዚህ ተመሳሳይ የሆነው ግራምን ከኪሎ ግራም፣ ደቂቃን ከሰዓት ሳያስተካክሉ በንጥጥር ማስቀመጥ ነው። 250 ግራምን ከ2 ኪሎ ግራም ጋር 250:2 ብሎ የሚጽፍ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም፤ ትክክለኛው 250:2,000፣ ማለትም 1:8 ነው።

ወደ ምግብ አሠራር ስንመጣ ጥያቄው መልኩን ይቀይራል። የሚከፋፈል ጠቅላላ ነገር የለም፤ ለጥቂት ሰው የተዘጋጀውን መጠን ለብዙ ሰው ማሳደግ ነው የሚፈለገው። ታላቅ እህቴ ለበዓል ድፎ ዳቦ ስትጋግር ለ8 ሰው የምትጠቀምበት መጠን 1 ኪሎ ዱቄት፣ 600 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 20 ግራም ጨውና 10 ግራም ደረቅ እርሾ ነው። ይህን ለ20 ሰው አድርጉት ብዬ ለክፍል ስሰጥ የሚገጥመኝ ስሕተት በጣም የተለየ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ በእጥፍ ያሳድጉና 16 ሰው ላይ ይደርሳሉ፤ ይህ ትክክል ነው። ከዚያ 4 ሰው እንደ ቀረ ያዩና በጨው ላይ 4 ግራም ጨምረው 44 ግራም ይላሉ። በእጥፉ ጊዜ በማባዛት እያሰቡ ነበር፤ በቀሪው ላይ ሲደርሱ ግን ሳይታወቃቸው ወደ መደመር ተሻገሩ።

ይህን ስሕተት ለማረም አታድርጉ ማለት ብቻ አይበቃም። የቀረው 4 ሰው ከመነሻው 8 ሰው አንጻር ምን ያህል ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ግማሹ ስለሆነ የሁሉም ነገር ግማሽ ይጨመራል፤ ለጨው 20፣ እንደገና 20፣ በመጨረሻም 10 ግራም፣ በድምሩ 50 ግራም ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ለመሥራት ለሚፈልግ ደግሞ 20ን ለ8 ማካፈል ነው፤ ውጤቱ 2.5 ስለሆነ እያንዳንዱ መጠን በ2.5 ይባዛል። ዱቄቱ 2.5 ኪሎ፣ ውሃው 1,500 ሚሊ ሊትር ወይም አንድ ሊትር ተኩል፣ ጨው 50 ግራም፣ እርሾ 25 ግራም ይሆናል። ሁሉም የተባዙት በአንድ ቁጥር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ አንዱ እንኳ በሌላ ቁጥር ከተባዛ ወይም ከተደመረበት ሊጡ የቀድሞው ሊጥ አይሆንም።

ሁልጊዜ የሰው ቁጥር አይሰጥም። አንዳንድ ጊዜ የተሰጠው በእጅ ያለው ነገር ነው፤ ለምሳሌ ቤት ውስጥ ያለው ዱቄት 1 ኪሎ ከ750 ግራም ብቻ ነው እንበል። በዚህ ጊዜ ማባዣው ከሰው ሳይሆን ከዱቄቱ ይወጣል፤ 1.75ን ለ1 ስናካፍል 1.75 ስለሆነ ጨው 35 ግራም፣ ውሃ 1,050 ሚሊ ሊትር፣ እርሾ 17.5 ግራም ይሆናል፤ የሚበቃውም 8 ሲባዛ በ1.75፣ ማለትም ለ14 ሰው ነው። ከላይ ስለ 7,200 ብር የጠየቅነው ጥያቄ እዚህም ይመለሳል፤ የተሰጠው ቁጥር የየትኛው ነገር እንደሆነ ከታወቀ ቀሪው ማባዛት ብቻ ነው።

ማባዣው የማይሠራባቸውን ነገሮች ግን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። እህቴ ለ20 ሰው ስትጋግር ቀድሞ በ30 ሳንቲ ሜትር መጥበሻ የምትጋግረውን ዳቦ ውፍረቱን ሳትቀይር በስንት ሳንቲ ሜትር መጥበሻ እንደምትጋግረው ጠይቃኝ ነበር። 30 በ2.5 ተባዝቶ 75 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ ስሕተት ነው እንጂ። ስፋቱ አብሮ የሚያድገው ከወርዱ ጋር ሳይሆን ወርዱ በራሱ ሲባዛ ከሚገኘው ቁጥር ጋር ስለሆነ የ75 ሳንቲ ሜትሩ መጥበሻ ስፋት 6.25 እጥፍ ይሆናል፤ 2.5 እጥፍ የሆነው ሊጥም በላዩ ሲዘረጋ ውፍረቱ ከቀድሞው ከግማሽ ያንሳል። የሚፈለገው በራሱ ሲባዛ 2.5 የሚሆን ቁጥር፣ ማለትም 1.58 ያህል ስለሆነ መጥበሻው ከ47 እስከ 48 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የመጋገሪያውም ጊዜ በ2.5 አይባዛም፤ ውፍረቱ ካልተለወጠ ጊዜው ከቀድሞው ብዙ ስለማይርቅ ዳቦውን እያዩ መወሰን ይሻላል።

ደግሞም አንዱ ሲጨምር ሌላው የሚቀንስባቸው ጥያቄዎች አሉ። ለድግሱ 4 ሰዎች ሽንኩርቱን ከትፈው በ6 ሰዓት የሚጨርሱት ከሆነ 8 ሰዎች በተመሳሳይ ፍጥነት ሲሠሩ የሚጨርሱት በ3 ሰዓት እንጂ በ12 ሰዓት አይደለም። ይህ ኢርቱዕ ወደር የሚባለው ሲሆን፣ የማይለወጠው የሁለቱ ብዜት ነው፤ 4 በ6 ሲባዛ 24፣ 8 በ3 ሲባዛም 24 ይሆናል። ቀመር ከመምረጥ በፊት «ይህኛው ቢጨምር ያኛው ምን ይሆናል?» ብሎ በቃል መመለስ ለመለየት በቂ ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው ማረጋገጫ ልምጣ። ተማሪዎቼ ቀድሞ መልሳቸውን የሚያረጋግጡት ወደሩን በመስቀል በማባዛት ነበር። ይህ ማረጋገጫ ትልቅ ድክመት አለው። ተማሪው ቁጥሮቹን ሲያስቀምጥ የተሳሳተ ከሆነ በመስቀል ሲያባዛ የሚመረምረው ያንኑ የተሳሳተ አቀማመጥ ስለሆነ ሁለቱ ወገኖች እኩል ይሆኑለትና ልክ ነኝ ብሎ ያልፋል። ምርጫ ባለባቸው ፈተናዎች ደግሞ፣ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን ጨምሮ፣ ያገኙት ቁጥር ከምርጫዎቹ መካከል መገኘቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ጥያቄ የሚያወጣ ሰው ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበትን ቁጥር አውቆ ከምርጫዎቹ ውስጥ ያስገባዋል። እኔም ጥያቄ ሳወጣ ይህንኑ አደርጋለሁ።

ስለዚህ ማረጋገጫው ከስሌቱ ሳይሆን ከጥያቄው ቃል መነሣት አለበት። የተገኙትን ድርሻዎች በጥያቄው ውስጥ በቦታቸው አስገብቶ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር እውነት ነው ወይስ አይደለም ብሎ ማንበብ ነው። በመጀመሪያው ምሳሌ መልሳችን 4,800፣ 7,200 እና 12,000 ነበር። ሲደመሩ 24,000 ይሆናሉ፤ ሦስቱም ለ2,400 ሲካፈሉ ወደ 2:3:5 ይመለሳሉ፤ ለሁለተኛው ሰው የደረሰውም ጥያቄው እንዳለው 7,200 ነው። ሦስቱም መታየት አለባቸው፤ ምክንያቱም አንዱን አልፎ በሌላው የሚወድቅ መልስ አለ። 24,000ን በእኩል 8,000 አድርጎ የከፋፈለ ተማሪ ድምሩ ትክክል ነው፣ ንጥጥሩ ግን ስሕተት ነው። 1,440፣ 2,160 እና 3,600 ያለው ንጥጥሩ ትክክል ነው፣ የሁለተኛው ሰው ድርሻ ግን ከጥያቄው ጋር አይስማማም። ለምግብ አሠራር ደግሞ ለአንድ ሰው የሚደርሰውን ማየት ይበቃል፤ 20 ግራም ጨው ለ8 ሰው ሲካፈል 2.5 ግራም፣ 50 ግራም ለ20 ሰው ሲካፈልም 2.5 ግራም ነው፤ 44 ግራም ቢሆን ግን 2.2 ስለሚሆን ስሕተቱ ወዲያው ይጋለጣል። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

በዚያው ዓመት በድጋሚ ፈተናው ላይ «ሦስተኛው ሰው ከሁለተኛው 7,200 ብር በልጦ ደረሰው» የሚል ጥያቄ ሰጠኋቸው። ቀደም ሲል ጠርቼ የጠየቅሁት ያ ተማሪ ሳጥኖቹን ሥሎ ልዩነቱ ሁለት ሳጥን መሆኑን አየ፤ አንዱን ሳጥን 3,600፣ ጠቅላላውን 36,000፣ ድርሻዎቹን ደግሞ 7,200፣ 10,800 እና 18,000 አደረገ። ከዳር በኩል 18,000 ሲቀነስ 10,800 እኩል 7,200 ብሎ አረጋግጧል። ወረቀቱን ከመስጠቱ በፊት ግን እጁን አንሥቶ ጠራኝና «ቲቸር፣ ለመጀመሪያውም ሰው 7,200 ደረሰው፤ ልዩነቱንና ድርሻውን አምታትቼ ይሆን እንዴ?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ወደ ሥዕሉ ብቻ ጠቆምሁት። ለጥቂት ጊዜ አየውና የመጀመሪያው ሰው ሁለት ሳጥንና ሦስተኛው ሰው ሁለተኛውን የሚበልጥበት ሁለት ሳጥን አንዱ ከሌላው ጋር እኩል መሆናቸውን በጣቱ ቆጥሮ ካረጋገጠ በኋላ ወረቀቱን አስረከበኝ።